ገንዘብ እያለ ካርድ ለምን አይሠራም? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች ከአሜሪካ ባንክ የወጣ ዴቢት ወይም ክሬዲት ካርድ ይዘው በኢንተርኔት ለሚከፍሉ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። ለምሳሌነት የተወሰደው ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት ነው። ዋጋው ከፍ ያለና ከዕለት ተዕለት ወጪ የተለየ በመሆኑ ካርድን የሚያስከለክሉ ምክንያቶች ሁሉ በዚህ ግዢ ላይ በቀላሉ ይገናኛሉ።

በሂሳቤ ውስጥ በቂ ገንዘብ እያለ ክፍያው ለምን ይከለከላል?

ክፍያን የሚያስፈቅደው የገንዘብ መኖር ብቻ ስላልሆነ ነው። የካርዱን ቁጥር አስገብተው ሲጨርሱ መረጃው መጀመሪያ ለሻጩ ይደርሳል፤ ሻጩ ክፍያ ወደሚያስተናግድለት ድርጅት ያስተላልፈዋል፤ ይህ ድርጅት ደግሞ በቪዛ ወይም በማስተርካርድ መረብ በኩል ካርዱን ወዳወጣው ባንክ ይልከዋል። ባንኩ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ካርዱ በሥራ ላይ ያለ መሆኑን፣ ገንዘብ መኖሩን፣ የዕለቱ የወጪ ገደብ አለማለፉን፣ ግዢውም ከባለቤቱ ልማድ ጋር የሚሄድ መሆኑን ይመለከታል። መልሱ በዚያው መንገድ ተመልሶ ሻጩ ጋ ሲደርስ ሻጩም በበኩሉ የራሱን ማጣሪያ ይጠቀማል። ስለዚህ እርስዎ በስክሪኑ ላይ የሚያዩት ክልከላ ከሻጩ፣ ከአስተናጋጁ ድርጅት ወይም ከባንኩ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የመፍትሔው መንገድ የሚለየውም ከማን እንደመጣ ሲታወቅ ነው።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በመጀመሪያው ክልከላ ሳይሆን ምክንያቱን ሳያውቅ ደጋግሞ በመሞከሩ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እጅዎን ሰብስበው የሚቀጥለውን ጥያቄ ይመልከቱ።

የከለከለኝ ባንኩ ይሁን ሻጩ እንዴት አውቃለሁ?

የባንክዎን መተግበሪያ ከፍተው ያልተጠናቀቁ ክፍያዎች የሚታዩበትን፣ ብዙውን ጊዜ Pending የሚል ምልክት ያለበትን ክፍል ይመልከቱ። የትኬቱ ዋጋ በዚያ ተመዝግቦ ካገኙት ባንክዎ ክፍያውን ፈቅዷል ማለት ነው፤ እምቢ ያለው ሻጩ ነው። የትኬቱ ዋጋ ከሌለ ደግሞ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ባንኩ ከልክሏል፣ ወይም ጥያቄው ባንኩ ጋ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ቀርቷል።

ይህን የሚለየው የስልክ ጥሪ ነው። በካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውለው «ለምን አልሠራም?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ ድርጅት፣ በዚህ መጠን የክፍያ ጥያቄ ደርሷችኋል ወይ? ደርሶ ከሆነ የተከለከለበት ምክንያት ምን ተብሎ ተመዝግቧል?» ብለው ይጠይቁ። ባንኮች ለክልከላ የሚጠቀሙባቸው የታወቁ የቁጥር ምልክቶች አሉ፤ ለምሳሌ 51 የገንዘብ እጥረትን፣ 54 ጊዜው ያለፈበትን ካርድ፣ 61 ደግሞ ከገደብ በላይ የሆነ መጠንን ያመለክታል። 05 የተባለ እንደሆነ ግን ምክንያቱን አይነግርዎትም፤ በስክሪን ላይ Do not honor ተብሎ የሚታየው ይህ ምልክት ባንኩ በጥቅሉ እምቢ ማለቱን ብቻ ስለሚገልጽ በስልክ ያለው ሠራተኛ ወደ ማጭበርበር መከላከያ ክፍል እንዲያስተላልፍዎ መጠየቅ ይኖርብዎታል። ሠራተኛው «ምንም ጥያቄ አልደረሰንም» ካለዎት ከባንኩ ጋር መከራከሩ ጥቅም የለውም፤ ጉዳዩ ሻጩ ዘንድ ነው።

እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎ ከሆነ በጥሪው መጀመሪያ ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ብዙ ትልልቅ ባንኮች በስልክ የሚያስተረጉሙ ሰዎችን ያገናኛሉ። ዘመድ በእርስዎ ስም እንዲናገር ከማድረግ ይህ ይሻላል፤ ባንኩ ከባለቤቱ በቀር ለሌላ ሰው ስለ ሂሳቡ መናገር አይችልምና።

አድራሻዬን በትክክል ጽፌ ሳለ አድራሻው አይመሳሰልም የሚባለው ለምንድን ነው?

ትክክል የሚባለው ዛሬ የሚኖሩበት አድራሻ ሳይሆን በባንኩ መዝገብ ውስጥ ያለው ስለሆነ ነው። በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ ሻጮች የገዢውን አድራሻ ከባንኩ መዝገብ ጋር የሚያስተያዩበት አሠራር አለ። ይህ አሠራር የመንገዱን ስም ፊደል በፊደል የሚመረምር አይደለም፤ በዋናነት የሚያስተያየው ቁጥሮችን፣ ማለትም የቤቱን ቁጥርና ዚፕ ኮዱን ነው። ባንኩም የሚመልሰው በፊደል ምልክት ነው። ሁለቱም ከተመሳሰሉ Y፣ የቤቱ ቁጥር ብቻ ከተመሳሰለ A፣ አምስቱ አኃዝ ዚፕ ኮድ ብቻ ከተመሳሰለ Z፣ ሁለቱም ካልተመሳሰሉ N ይላል።

ከቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የተዛወረን ቤተሰብ እንውሰድ። የቀድሞው ዚፕ ኮድ 22304 ነበር፤ አዲሱ 20910 ነው። ቤተሰቡ በፖስታ ቤት የአድራሻ ለውጥ ቅጽ ሞልቷል፤ ደብዳቤም በአዲሱ ቤት ይደርሰዋል። ነገር ግን የፖስታ ቤቱ ቅጽ ደብዳቤን ያዛውራል እንጂ የባንክን መዝገብ አይለውጥም። ስለዚህ አባት ትኬቱን ሲገዛ አዲሱን አድራሻ ቢጽፍ፣ የጻፈው እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ባንኩ N ብሎ ይመልሳል። በነዳጅ ማደያ ዚፕ ኮድ ሲጠየቅ አሮጌውን በልማድ እያስገባ ሲሠራለት ስለቆየ ችግሩን ቀድሞ ለማወቅም ዕድል አላገኘም።

በአንድ ሂሳብ ላይ ባልና ሚስት ሁለት ካርድ ሲኖራቸው የአንዱ አድራሻ ተለውጦ የሌላው በአሮጌው ሊቀር ይችላል። በመተግበሪያው ውስጥም የደብዳቤ መላኪያ አድራሻና የመኖሪያ አድራሻ በተለያየ ቦታ የሚመዘገብባቸው ባንኮች አሉ፤ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው። የአፓርታማ ቁጥር ካለ ደግሞ ከቤቱ ቁጥር ጋር በአንድ መስመር ላይ አይደባለቅ፤ ለብቻው በተዘጋጀው ሁለተኛ መስመር ላይ ይጻፍ። አዲሱ አድራሻ ከተመዘገበ በኋላም ወደ ካርዱ መረጃ እስኪደርስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊወስድ ስለሚችል ትኬቱ አስቸኳይ ከሆነ በዚያ ቀን በባንኩ መዝገብ ያለውን አሮጌ አድራሻ ማስገባቱ ይሠራል። ይህ ማታለል አይደለም፤ የሚጠየቁት የካርዱን የክፍያ አድራሻ ነውና ካርዱ ዘንድ ያለውን መስጠት ተገቢ ነው።

ክፍያው አልተሳካም ተብሎ ገንዘቡ ከሂሳቤ ለምን ጎደለ?

ይህ ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያስደነግጥ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ከላይ እንደተባለው ባንኩ ገንዘቡ መኖሩን አይቶ ሲፈቅድ መጠኑን ለሻጩ ይይዝለታል። የተያዘው ገንዘብ ለሻጩ አልተላለፈም፤ ነገር ግን እርስዎም አይነኩትም። ከፈቃዱ ጋር አድራሻው አይመሳሰልም የሚለው ምልክት አብሮ ይሄዳል፤ ሻጩ ያንን አይቶ ሽያጩን ይሰርዛል። በደንቡ መሠረት ሻጩ ፈቃዱን የሚሽር መልእክት ለባንኩ ወዲያው መላክ ነበረበት። አንዳንዱ ይልካል፤ አንዳንዱ ግን ሳይልክ ይቀርና ገንዘቡ የመያዣ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ታስሮ ይቆያል። ይህም እንደ ባንኩ አሠራር ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል።

የሲልቨር ስፕሪንጉን ቤተሰብ ሂሳብ በቁጥር እንከተለው። በሂሳቡ 3,100 ዶላር አለ፤ የዴቢት ካርዱ የዕለት የግዢ ገደብ 2,500 ዶላር ነው፤ ትኬቱ 1,240 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ባንኩ ፈቅዶ 1,240 ያዘ፤ ሻጩ በአድራሻው ምክንያት ሰረዘ፤ ለመጠቀም የሚቻለው ገንዘብ 1,860 ሆነ። አባት የፊደል ስህተት መስሎት በዚያው አድራሻ እንደገና ሞከረ፤ ሌላ 1,240 ተያዘና 620 ብቻ ቀረ። በሦስተኛው ጊዜ ትክክለኛውን አሮጌ አድራሻ አስታውሶ አስገባ፤ አሁን ግን ባንኩ ራሱ ከለከለ። 620 ዶላር ለ1,240 ዶላር ትኬት አይበቃም፤ ከዕለቱ ገደብም የቀረው 20 ዶላር ብቻ ነው። እዚህ ላይ በስክሪኑ የሚታየው ምክንያት የገንዘብ እጥረት ይሆናል፤ ችግሩ የተነሣው ግን ከዚፕ ኮድ ነው። በማግስቱ 1,800 ዶላር የቤት ኪራይ በራሱ የሚቆረጥ ቢሆን ኖሮ እርሱም ሳይከፈል ሊመለስ ይችል ነበር።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው ከሻጩ የደንበኞች አገልግሎት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ሽያጩ አለመፈጸሙን የሚያረጋግጥ ጽሑፍና ለባንኩ የሚላከውን የፈቃድ መሻሪያ። ከዚያ ወደ ባንኩ ደውሎ ስለተያዘው ገንዘብ ይናገር። ባንኩ ሻጩን በስልክ አግኝቶ ወይም የሻጩን ማረጋገጫ ተቀብሎ ገንዘቡን ቀድሞ ሊለቅ ይችላል፤ ለዚህም እያንዳንዱ ፈቃድ የሚታወቅበት ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የፈቃድ ኮድ ያስፈልጋል። በዴቢት ካርድ የሚታሰረው የኪራይና የአስቤዛ ገንዘብዎ ስለሆነ፣ እንዲህ ላለው ትልቅ ግዢ ክሬዲት ካርድ ያለው ሰው በእርሱ ቢከፍልና ወዲያው ቢመልሰው የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በክሬዲት ካርድ የሚያዘው የብድር ጣሪያው እንጂ ጥሬ ገንዘቡ አይደለም።

የዕለት ገደብ ምንድን ነው? ማንስ ነው የሚወስነው?

ገደቡን የሚወስነው ባንኩ ነው፤ መጠኑም እንደ ሂሳቡ ዓይነትና ዕድሜ ይለያያል። አዲስ የተከፈተ ሂሳብ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ገደብ አለው። በዴቢት ካርድ ላይ ሁለት የተለያዩ ገደቦች አሉ፤ አንዱ ከኤቲኤም ለሚወጣ ጥሬ ገንዘብ፣ ሌላው ለግዢ ነው፤ የኤቲኤሙ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያነሰ ነው። ሁለቱንም በመተግበሪያው የካርድ ቅንብር ውስጥ ወይም ሂሳቡ ሲከፈት በተሰጠው ውል ላይ ያገኛሉ።

ለቤተሰብ ትኬት የሚገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። አየር መንገዶች አንዳንድ ጊዜ የአራት ሰው ትኬት በአንድ ድምር ሳይሆን ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ለየብቻ ያስከፍላሉ። በዚህን ጊዜ ሁለቱ ትኬቶች አልፈው ሦስተኛው ገደብ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ወይም ባንኩ አንድ ዓይነት መጠን በተከታታይ ሲመጣ ድግግሞሽ ወይም ማጭበርበር መስሎት ይከለክላል። መድኃኒቱ ከግዢው በፊት ለባንኩ ደውሎ ለአንድ ቀን ገደቡ ከፍ እንዲል መጠየቅና የክፍያው ጠቅላላ መጠን፣ የሻጩ ስምና የክፍያዎቹ ብዛት በማስታወሻ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ገደቡ መቼ እንደሚታደስም ይጠይቁ፤ በአንዳንዱ ባንክ እኩለ ሌሊት ላይ፣ በሌላው ደግሞ ከመጀመሪያው ግዢ 24 ሰዓት ሲሞላ ነው።

የማጭበርበር መከላከያው እኔን ለምን ይጠረጥራል?

ሥርዓቱ ማን መሆንዎን አያውቅም፤ የሚያውቀው ካርዱ እስከ ዛሬ ምን ሲያደርግ እንደነበረ ነው። ለአስቤዛና ለነዳጅ ብቻ የሚውል ካርድ በሌሊት፣ ውጭ አገር ባለ ሻጭ ዘንድ፣ ከዚህ በፊት ባልታየ ስልክ ከሺህ ዶላር በላይ ሲጠየቅበት በተሰረቀ ካርድ ላይ የሚታየው ምልክት ሁሉ ይሰበሰባል። በቪፒኤን መጠቀም ኮምፒውተሩን በሌላ አገር ያለ ስለሚያስመስለው ጥርጣሬውን ያባብሰዋል። ሌቦች የሰረቁት ካርድ መሥራቱን ለማረጋገጥ አስቀድመው ጥቂት ሳንቲም ስለሚከፍሉበትም፣ ከትልቁ ግዢ በፊት «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ በትንሽ ገንዘብ መሞከር ራሱን የቻለ የጥርጣሬ ምክንያት ይሆናል።

ባንኩ ሲጠራጠር ብዙውን ጊዜ ግዢው የእርስዎ መሆኑን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይጠይቃል። የእርስዎ ከሆነ አዎ ብለው ይመልሱ፤ ነገር ግን ይህ መልስ የተከለከለውን ክፍያ አያስነሣውም፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ክፍያውን እንደገና መፈጸም አለብዎት። መልእክቱ ካልደረሰዎት ባንኩ ዘንድ ያለው ስልክ ቁጥር የተዘጋ አሮጌ ቁጥር እንዳይሆን ያረጋግጡ።

ከባንክ የመጣው መልእክት ሐሰተኛ ቢሆንስ?

ይህን መጠየቅዎ ትክክል ነው፤ አጭበርባሪዎች ይህንኑ መልእክት አስመስለው ይልካሉና። እውነተኛው መልእክት አዎ ወይም አይደለም ብለው እንዲመልሱ ብቻ ይጠይቃል። የሚስጥር ቁጥርዎን፣ በካርዱ ጀርባ ያሉትን ሦስት አኃዞች ወይም በስልክዎ የደረሰዎትን የአንድ ጊዜ ኮድ እንዲሰጡ የሚጠይቅ መልእክት ወይም ጥሪ ግን ከባንክ የመጣ አይደለም። ጥርጣሬ ባደረብዎ ጊዜ ሁሉ ስልኩን ዘግተው በካርዱ ጀርባ ወዳለው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ።

አዲስ ካርድ ከመጣልኝ በኋላ ክፍያዎቼ ለምን ተቋረጡ?

ካርድ ሲታደስ የሚያበቃበት ቀንና ከጀርባው ያሉት ሦስት አኃዞች ይለወጣሉ፤ ካርዱ ጠፍቶ ወይም ተሰርቆ የተተካ ከሆነ ደግሞ ዋናው ቁጥርም ይለወጣል። በስልክዎ፣ በኢንተርኔት ማሰሻዎና በሻጩ ገጽ ላይ ተመዝግቦ የቆየው ግን አሮጌው ነው። ማሰሻው በራሱ ሲሞላልዎት ቁጥሩ ትክክል ሆኖ የሚያበቃበት ቀን ብቻ አሮጌ ሊሆን ስለሚችል ካርዱን በእጅ ይዞ እያንዳንዱን ማመሳከር ይገባል። ካርዱ የሚያገለግለው በላዩ ከተጻፈው ወር መጨረሻ ቀን ድረስ ነው። በቪዛና በማስተርካርድ መረብ አዲሱን መረጃ ወደ ወርኃዊ ተቆራጭ ሻጮች በራሱ የሚያስተላልፍ አገልግሎት አለ፤ ይሁንና ሁሉም ሻጭና ሁሉም ባንክ ስለማይሳተፍበት አንዳንዱ ክፍያ ሲቀጥል አንዳንዱ ይቋረጣል። በተጨማሪም አዲሱ ካርድ በፖስታ ስለደረሰ ብቻ አይሠራም፤ በመተግበሪያው ወይም በስልክ መከፈት አለበት።

ሦስቱን አኃዞች ደጋግሞ መሳሳት ካርዱን ሊያስቆልፍ ይችላል። አኃዞቹ ከተፋቁ አይገምቱ፤ ምትክ ካርድ ይጠይቁ።

አዲስ አበባ ደርሼ ካርዱ ኤቲኤም ላይ እንቢ ቢለኝ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ያነሰ መጠን ይጠይቁ። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው የራሱ ጣሪያ አለው፤ ይህም ባንክዎ ከፈቀደልዎ ገደብ ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ ትልቁን እንቢ ብሎ ትንሹን ሊከፍል ይችላል። ያም ካልሆነ የሌላ ባንክ ማሽን ይሞክሩ፤ ሁለተኛውም ከከለከለ ግን ይቁሙ። የሚስጥር ቁጥሩን ደጋግሞ መሳሳት ካርዱን ያስዘጋዋል።

ከጉዞ በፊት መታየት ያለበት በመተግበሪያው ውስጥ ያለው የውጭ አገር አጠቃቀም ቅንብር ነው፤ አንዳንድ ካርዶች ባለቤቱ እስኪከፍተው ድረስ ከአገር ውጭ ዝግ ናቸው። ከዚያም በላይ የሚያስቸግረው ስልክ ነው። የባንኩ ኮድ የሚላከው በአሜሪካ ቁጥርዎ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ደርሰው የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ሲያስገቡ ያ ቁጥር ይዘጋል። የአሜሪካው መስመር በውጭ አገር መልእክት እንዲቀበል አድርገው በሁለተኛው ሲም ቦታ ያቆዩት፤ ወይም ባንኩ ኮዱን በኢሜይል ወይም በመተግበሪያው እንዲልክ ከመሄድዎ በፊት ያስቀይሩ። ወደ ባንክዎ ለመደወልም በካርዱ ጀርባ ከውጭ አገር ለሚደውሉ የተጻፈውን ሁለተኛውን ቁጥር ይጠቀሙ፤ በ800 የሚጀምረው ነፃ መስመር ከአሜሪካ ውጭ ላይሠራ ይችላል።

ካርዴ የወጣው ከሌላ አገር ነው፤ የአሜሪካ ሻጭ ዚፕ ኮድ ቢጠይቀኝ ምን ልጻፍ?

የአድራሻ ማመሳከሪያው ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከእንግሊዝ ውጭ ባሉ አብዛኞቹ ባንኮች ስለማይሠራ ሻጩ የሚያገኘው መልስ ማመሳከር አልተቻለም የሚል ነው። አንዳንድ ሻጭ ይህን ተቀብሎ ይሸጣል፤ ጥብቅ የሆነው ግን ይከለክላል፤ ባንክዎም ይህን ሊለውጠው አይችልም። በመጀመሪያ በቅጹ ላይ አገሩን ካርዱ ወደ ወጣበት አገር ይለውጡት፤ ብዙ ጊዜ የዚፕ ኮዱ ሳጥን ይጠፋል ወይም የዚያ አገር ዓይነት ይሆናል። የአሜሪካ ዘመድዎን ዚፕ ኮድ ማስገባት አይመከርም፤ የካርዱ አገርና አድራሻው ሲጋጩ የሻጩ ማጣሪያ ይበልጥ ይጠራጠራል።

ካርዱ የወጣው ከአውሮፓ ባንክ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ብዙ የኢንተርኔት ክፍያዎች በባንኩ መተግበሪያ ወይም በኮድ መረጋገጥ አለባቸው። ደንቡ ሻጩ ከአውሮፓ ውጭ ሲሆን ባያስገድድም ባንኩ ማረጋገጫውን ሊጠይቅ ይችላል፤ የሻጩ ገጽ ማረጋገጫውን የማያስተናግድ ከሆነ ክፍያው ይወድቃል። በዚህን ጊዜ ያንኑ ትኬት ማረጋገጫውን ከሚቀበለው ከአየር መንገዱ የራሱ ገጽ ወይም በአውሮፓ ካለ የትኬት ቢሮ መግዛት ይቻላል።